ስልኬ ሲዘጋ ወረፋው አይዘጋም

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ዐቢይ ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖታል። ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቅዳሴ ለመድረስ በጠዋት ስወጣ ስልኬን ቤት ትቼው ሄድኩ። የሳምንቱን ሥራ ዓርብ ማታ ስለጨረስኩ ልቤ አርፎ ነበር። ሥራዬ የትናንሽ ድርጅቶችን የፌስቡክ ፔጅና የቴሌግራም ቻናል መያዝ ነው። የሚለጠፈውን ሁሉ ቀድሜ አዘጋጅቼ ሰዓት ሰጥቼ ወረፋ አስይዘዋለሁ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይወጣል።

ያን ጊዜ ከያዝኳቸው ድርጅቶች አንዱ የጉዞ ወኪል ነው። ለእሑድ ረፋድ 5 ሰዓት ያስያዝኩለት ምስል ከአውሮፕላን መስኮት የተነሳ ነበር፤ ደመናና አንድ ክንፍ ይታይበታል። ከሥሩ የጻፍኩት ደግሞ «ይብረሩ፤ የቀረውን ለእኛ ይተዉት» የሚል ነው።

ወደ ናይሮቢ የሚሄደው ኢቲ 302 የዚያን ዕለት ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ ተነሣ። ስድስት ደቂቃ ያህል በረረና ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። ውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ረፋዱ ላይ አገር ሁሉ ሰምቷል። እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ስወጣ ሰዎች በየቦታው ሰብሰብ ብለው ሲያወሩ አይቻለሁ፤ አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ለቅሶ ያለበት ሰው መስሎኝ አለፍኩ። ቤት ደርሼ ስልኬን ስከፍት 31 ያልተመለሰ ጥሪ ነበር።

ልጥፉ ለአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፔጁ ላይ ቆይቷል። ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት ሁሉ አልደግመውም። አንዱ ብቻ እስካሁን ከዐይኔ አልጠፋም፤ «ዛሬ?» ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። ከዚያም የባሰ ነገር በውስጥ መስመር ጠበቀኝ። የተናደዱ ሰዎች መልእክት ሲልኩ ያስቀመጥኩት ራስ ሰር መልስ ለእያንዳንዳቸው «ስለመረጡን ደስ ብሎናል! መልካም ቀን!» እያለ ከፈገግታ ምስል ጋር ይመልስላቸው ነበር።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ልጥፉን አጠፋሁ። ጨረስኩ ብዬ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት አካባቢ የድርጅቱ ባለቤት ደወሉ። «ልጄ፣ አላጠፋሽውም እንዴ? አሁን እኔው ስልክ ላይ እያየሁት ነው» አሉኝ። ያዩት ማስታወቂያውን ነው። ያንኑ ምስል `Ads Manager` ውስጥ ለብቻው በክፍያ ማስታወቂያ አድርጌው ስለነበር የፔጁ ልጥፍ መጥፋቱ እሱን አልነካውም። እንዲያውም የፔጁ ልጥፍ አንዴ ነው የሚወጣው፤ ማስታወቂያው ግን በየደቂቃው አዲስ ሰው ፊት ይሄዳል። እሱን አቁሜ ሳበቃ ቴሌግራም ቻናሉ ላይ ለማታ አንድ ሰዓት የተያዘ ሌላ መልእክት እንዳለ ትዝ አለኝ። በማግስቱ መጋቢት 2 ብሔራዊ የሐዘን ቀን ሆነ፤ እኔ የዚያን ቀን ሙሉ የት የት ምን እንዳስያዝኩ ስፈልግ ዋልኩ።

የገባኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ ወረፋው አንድ አይደለም። የፌስቡኩ ለብቻው፣ ማስታወቂያው ለብቻው፣ ቴሌግራሙ ለብቻው፣ ራስ ሰር መልሱ ለብቻው ነው። ሁሉም የሚኖሩት ደግሞ ስልኬ ውስጥ ሳይሆን ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ነው። አንዱን ማቆም ሌላውን አያቆምም። ስለዚህ ማንኛውም የማቆሚያ ሥርዓት ከቁልፍ በፊት የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ነው፤ የትኛው ድርጅት የት የት ወረፋ እንዳለውና በየትኛው መግቢያ እንደሚገባበት የተጻፈበት። የእኔ ወረቀት ከፍሪጁ ጎን ተለጥፏል። ምስጢር ቁጥር አይጻፍበትም፤ ቦታውና ቅደም ተከተሉ ብቻ።

ቅደም ተከተሉን ያወጣሁት ከዚያ እሑድ ተነሥቼ ነው። መጀመሪያ ማስታወቂያ ይዘጋል። `Ads Manager` ውስጥ የዘመቻዎቹ ዝርዝር አናት ላይ ያለችውን ሳጥን ምልክት ካደረጉ ሁሉም ይመረጣሉ፤ በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። ከደቂቃ አያልፍም። ቀጥሎ ራስ ሰር መልሱ። ከዚያ ቴሌግራም። ፌስቡክ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም `Planner` ላይ የተያዙትን ልጥፎች አንድ በአንድ እየከፈቱ ወደ ድራፍት መመለስ ጊዜ ይወስዳል። አርባ ልጥፍ ካለ ሁሉንም ለመጨረስ መሞከር ስሕተት ነው። የሚቀርበው ሰዓት ይቅደም፤ የሚቀጥለው 48 ሰዓት ባዶ ከሆነ በቂ ነው፤ የቀረው ረጋ ብሎ ይሠራል። ማጥፋት ደግሞ አይፈቀድም። በ2011 በድንጋጤ ያጠፋሁት የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር፣ ጽሑፉም ምስሉም ተመልሶ አልመጣም። ወደ ድራፍት የሄደ ግን ሳይወጣ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ነገር ከመሣሪያው ይልቅ ከሰው ጋር የተያያዘ ነው። ያን ዕለት ከደወሉት ሰዎች አንዷ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ነበረች። ዜናውን ከአምስት ሰዓት በፊት ሰምታለች፤ መግቢያውም ነበራት። ልጥፉ ከመውጣቱ በፊት ማቆም ትችል ነበር። «ለምን አላቆምሽውም?» ስላት «ሳላስፈቅድሽ እንዴት?» አለችኝ። ልክ ናት፤ ማቆም እንደምትችል ነግሬያት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አብረን ከምንሠራው ከሦስታችን ማንም ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ያቆማል፤ ለመመለስ ግን የሁለት ሰው ስምምነት ያስፈልጋል። ያለ ምክንያት ካቆምን የሚቀርብን የአንድ ቀን ልጥፍ ነው። ሳናቆም ከቀረን ግን የወጣው ስክሪን ሾት ተደርጎ ይዞራል፣ መመለሻ የለውም። ምልክታችን አንድ ቃል ነው፤ «ፍሬን»። በግሩፓችን ላይ «ፍሬን» ተብሎ ከተጻፈ ክርክር የለም፤ እያንዳንዱ ወደ ድርሻው ይሄዳል፣ የጨረሰ «ያዝኩ» ብሎ ይጽፋል።

መቼ ነው «ፍሬን» የሚባለው? የሟች ቁጥር ለማስቀመጥ ሞክረን ነበር፤ አልሠራም። የመጀመሪያው ዜና ላይ ቁጥር ሁልጊዜ ትንሽ ነው። አሁን የምንከተለው መለኪያ ከቡና ሥነ ሥርዓት የመጣ ነው። ቡና ላይ የተቀመጡ ጎረቤቶች ወሬያቸውን አቁመው «እስኪ ድምፁን ጨምሩት» ካሉ፣ የእኛ ልጥፍ በዚያ ዝምታ መካከል ቢሰማ ምን ይመስላል ብለን እንጠይቃለን። በየቀኑ ዜና አለ፤ ለሁሉም ብናቆም ሥራ የለንም። ያ ዝምታ ግን ይታወቃል።

ይህን ሁሉ አሰናድቼ ጨርሻለሁ ያልኩት ሥርዓት በ2012 ሰኔ ተሰበረ።

ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። ሰኔ 23 ጠዋት ስነሣ ኢንተርኔት አልነበረም፤ በመላ አገሪቱ ተዘግቷል። ከውጭ ጩኸት ይሰማል፣ ዋናው መንገድ ላይ መኪና የለም፣ ሱቆች አልተከፈቱም። ስልኬን ይዤ መስኮት ዳር ቆሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ወረፋው። እኔ መግባት አልችልም፣ አብረውኝ የሚሠሩትም አይችሉም፣ ሁላችንም አዲስ አበባ ነን። ልጥፎቹ ግን የእኛን ኢንተርኔት አይጠብቁም። የአንድ ኬክ ቤት «ዛሬን በጣፋጭ እናክብር» ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ይወጣል። እዚህ ያለ ሰው ላያየው ይችላል፤ ውጭ አገር ያለው ወገን ግን ከቤተሰቡ ድምፅ ጠፍቶበት ቀኑን ሙሉ ፌስቡክ ላይ ነው።

የድምፅ ስልክ ይሠራ ነበር። ዱባይ ያለው ታናሽ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ምስጢር ቁጥሩን ነገርኩት። ቀጥሎ ባለ ስድስት አሃዝ ማረጋገጫ ጠየቀው። ያ ቁጥር የሚወጣው ስልኬ ላይ ካለው መተግበሪያ ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ከሰዓቱና አስቀድሞ ከተቀመጠ ምስጢር ራሱ ያሰላዋል። በየሠላሳ ሰኮንዱ ይቀየራል። «አራት… ዜሮ… ሰባት…» እያልኩ አነበብኩለት፤ መስመሩ ይቆራረጣል፣ እሱ ሲጽፍ ጊዜው ያልፋል። ሦስተኛው ላይ ተቀበለው። ደስ አለኝ። «እትዬ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ይላል» አለኝ። ከማይታወቅ አገር ሊገባ የሞከረ ሰው አለ፣ አንቺ ከሆንሽ ከተለመደው ስልክሽ ላይ አረጋግጪ ነው የሚለው። የተለመደው ስልኬ እጄ ላይ ነው፤ ግን ኢንተርኔት የለውም። እዚያው ቀረ። የኬክ ቤቱ ልጥፍ በሰዓቱ ወጣ። ኢንተርኔቱ ተዘግቶ የቆየው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፤ በወረፋው ላይ የነበረው ሁሉ አንድ በአንድ ወጣ። ሲከፈት የኬክ ቤቷን ባለቤት ይቅርታ ለመጠየቅ በእግሬ ሄድኩ። ቁጣ ነበር የጠበቅሁት፤ እሳቸው ግን «አንቺም እንደኛው በጨለማ ነበርሽ» አሉኝ። ያ ለእኔ መልስ አልሆነኝም። ወረፋውን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።

ችግሩ የወንድሜ አልነበረም። የእኔን መታወቂያ አውሶ እንዲገባ ማድረጌ ነው። ሰው የእኔን ስም ይዞ ከሌላ አገር ሲገባ መድረኩ ሌባ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ መጠርጠሩም ተገቢ ነው። ስለዚህ አሁን ወንድሜ በራሱ አካውንት፣ በራሱ ስልክ በእያንዳንዱ ፔጅ ላይ የመግቢያ ፈቃድ ተሰጥቶታል፤ ማስታወቂያውም ላይ እንዲሁ። ፈቃዱ የሚሰጠው ኢንተርኔት ባለበት ሰላማዊ ቀን ነው፤ ችግር ከመጣ በኋላ አይሰጥም። ደንበኞቼን አንድ በአንድ አስፈቅጃለሁ። አንድ አባት «ዱባይ ያለ ሰው የእኔን ሱቅ ምን አገባው?» ብለው እምቢ አሉ፤ የእሳቸውን ፔጅ ቀድሜ ወረፋ አላስይዝም፣ በየቀኑ በእጄ ነው የምለጥፈው። ለእሳቸውም ለእኔም ይሻላል።

ከሰዓቱ ጋርም ታግለናል። በስልክ «የሚቀጥለው በሦስት ሰዓት ነው» ስለው እሱ 3:00 ብሎ ፈለገ። እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት የምንለው ለሱ ስክሪን 10:00 ነው፤ ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ቴሌግራሙን የሚልከው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ያው ሰዓት 06:00 ሆኖ ነው የተጻፈው። አንድ ሰዓት በሦስት ስም ማለት ነው። አሁን ወረቀቱ ላይ ከእያንዳንዱ ልጥፍ ጎን በሦስቱም እንጽፋለን፤ በስልክ ስናወራ ግን ሰዓት አንጠራም፣ የልጥፉን ተራ ቁጥር ነው የምንጠራው።

ቴሌግራሙን ስላነሣሁ፦ የቻናሎቹን መልእክት የሚልክ አንድ ትንሽ ፕሮግራም የጎረቤቴ ልጅ ሠርቶልኛል። በተከራየነው ሰርቨር ላይ በየአምስት ደቂቃው ይነሣና ሰዓቱ የደረሰ መልእክት ካለ ይልካል። ማቆሚያውን ቀላል አደረገው፤ `HOLD` የሚባል ባዶ ፋይል ካለ ምንም ሳይሠራ ይወጣል።

```
[ -e /home/post/HOLD ] && exit 0
```

በመጀመሪያው ሙከራችን ለሁለት ቀን አቆምነው፤ አንድም አልወጣም። ከዚያ ፋይሉን አነሣሁት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ መልእክት ተከታትሎ ወጣ። ፕሮግራሙ «ሰዓቱ የደረሰ» ሲል ያለፈበትንም ሁሉ ይጨምራል፤ በሁለቱ ቀን የታገደው ወረፋው ላይ ተከማችቶ ነበር የሚጠብቀው። እውነተኛ የሐዘን ጊዜ ቢሆን ኖሮ ያቆምነውን ሁሉ በአንዴ መልሰን ሰው ፊት ላይ እናፈሰው ነበር። አሁን ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ያለፈበት መልእክት አይላክም፤ ወደ ሌላ ማኅደር ይሄድና ሰው እስኪያየው ይቀመጣል። ልጥፍ የሚያስይዝ ማንኛውንም መሣሪያ የምትጠቀሙ ካላችሁ ይህን በባዶ የሙከራ ቻናል ላይ ሞክሩት፤ አቁማችሁ ሰዓቱን አሳልፋችሁ መልሱት። ያለፈበትን የሚጥል አለ፣ አጠራቅሞ የሚለቅ አለ። የትኛው እንደሆነ በሐዘን ቀን መማር አይገባም።

ሥርዓቱ እንደታሰበው የሠራው በ2016 ነው፤ እሱም ቢሆን ከመመለሱ በስተቀር። ሐምሌ 15 ሰኞ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት ናዳ ደረሰ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ሰዎች ላይ ደግሞ ሌላ ናዳ ወረደባቸው። ሰኞ ማታ በየፔጁ የሚነበበው ቁጥር አሥሮች ውስጥ ነበር። ለማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት የተያዘልን ልጥፍ የአንድ ብርድ ልብስና ምንጣፍ መደብር ነበር፤ «ክረምቱ ይዝነብ፤ እኛ አለን» ይላል። ሲጻፍ ምንም ክፉ አልነበረበትም። ወንድሜ ከዱባይ «ፍሬን» ብሎ ጻፈ። እኔ ሽሮ እያማሰልኩ ነበር፤ ድስቱን አውርጄ ማስታወቂያውን ያዝኩ። በስድስት ደቂቃ ሁላችንም «ያዝኩ» አልን። ማክሰኞ የሟቾቹ ቁጥር ከሁለት መቶ አለፈ፤ በዚያው ሳምንት 257 መድረሱ ተነገረ።

አንዳንድ ደንበኞች ሻማ ያለበት የሐዘን መግለጫ ከድርጅቱ አርማና ስልክ ቁጥር ጋር እንድሠራላቸው ጠየቁ። እኔ አልሠራም አልኩ። ሐዘን ላይ ስልክ ቁጥር ከተጻፈ ያው ማስታወቂያ ነው። መርዳት የፈለጉት ብርድ ልብስ ላኩ፤ ስለ እሱም አልለጠፍንም።

ሐሙስ ዕለት ወደ ድራፍት የተመለሱትን 14 ልጥፎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አነበብናቸው። ዝናብ፣ ጭቃ፣ መሬት፣ «ይቅበሩ»፣ «ይናድ» የሚሉ ቃላትን በቀይ አሰመርን። አንድ የቅናሽ ልጥፍ ላይ «ዋጋው ተናደ!» የሚል ተገኘ፤ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሦስቱን ጣልን፣ ሁለቱን ቀየርን፣ ዘጠኙ እንዳሉ ቀሩ። ልንመልስ ስንል ከሐምሌ 20 ጀምሮ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ዘጠኙንም ሰዓት ሰጥተን አስገብተናቸው ነበር፤ እንደገና አንድ በአንድ አወጣናቸው። ከዚያ ወዲህ ከቆመ በኋላ ወረፋ የሚመለሰው የአንድ ቀን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ልጥፍ ምንም የማይሸጥ ይሆናል፤ «ሱቃችን ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው» ዓይነት። ከሥሩ የሚጻፈውን አንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ አነባለሁ፤ ሰው እንደ ወትሮው ዋጋ ከጠየቀ ሁለተኛው ይከተላል።

በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ እንለማመዳለን። ማን እንደሚጀምር አናውቅም፤ አንዳችን ባላሰብነው ሰዓት «ፍሬን» ይላል። ባለፈው ወር ወንድሜ በጻፈበት ሰዓት ቱሉ ዲምቱ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ኔትወርኩም አብሮ ተዳክሟል፣ መልእክቱ አልደረሰኝም። ሌሎቹ ያዙት። የእኔ ድርሻ የሆነው ራስ ሰር መልስ ግን አልተዘጋም። መብራቱ ሲመጣ ያየሁት ከአንዲት ደንበኛ የመጣ ጥያቄ ነው፤ ከሥሩ «ስለመረጡን ደስ ብሎናል» የሚል መልስ ነበር፣ የፈገግታውን ምስል ከ2011 ወዲህ አንሥቼዋለሁ። በዚያው ማታ ወረቀቱን ከፍሪጁ አንሥቼ ከራስ ሰር መልሱ ጎን ሁለተኛ ስም ጻፍኩበት።